ሳንረከብ የመለስነው ኦክሲቶሲን

ነገሩ የሆነው ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ወሩ ግንቦት ነበር። ስቶር ውስጥ የቀረን ኦክሲቶሲን ለሦስት ቀን ያህል ብቻ የሚበቃ ነው። በዚያው ሰዓት ከአዲስ አበባ የተገዛ 1,200 አምፑል በራችን ላይ ደረሰ። እኛ ግን አልተረከብነውም፤ ከመጣበት መኪና ጋር መለስነው።

ብዙ ሰው አበዳችሁ እንዴ አለን። እኔ ያን ጊዜ የፋርማሲው አቅርቦት ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ዛሬም ሳስበው ውሳኔው ልክ ነበር እላለሁ። ግን ዋናው ጉዳይ መመለሱ አይደለም። ሦስት ቀን ሲቀረን እንዲህ ያለ ምርጫ ውስጥ እንዴት ገባን? የሚለው ነው። መልሱ የሚጀምረው ከወራት በፊት በተሞላ ቅጽ ላይ ነው። ሆስፒታሉንም ሆነ አቅራቢዎቹን በስም አልጠራም።

ኦክሲቶሲንን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። አንዲት እናት እንደወለደች ማሕፀኗ ቶሎ እንዲኮማተርና ደም እንዳይፈሳት የምትወጋው መርፌ ነው። መደበኛው መጠን 10 ዩኒት ነው፤ አንድ አምፑል ማለት ነው። ደም መፍሰስ ከጀመረ ደግሞ በሳላይን ተበርዞ በደም ሥር ይሰጣል፤ ያኔ በአንድ ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ አምፑል ይሄዳል። ምጥ ለማስጀመርና ለማፋጠንም ይውላል። ጠላቱ ሙቀት ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2019 በጋራ ባወጡት መግለጫ ኦክሲቶሲን ሲገዛም ሲጓጓዝም ሲቀመጥም በዚሁ የቅዝቃዜ መጠን እንዲሆን አሳስበዋል። የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ውስጥ እንኳ 35 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም።

ቅጹ ላይ የተደበቀው 18 ቀን

የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት በዋናነት የሚያገኙት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ እኛ ሰፈር ሁሉም «ሃብ» ነው የሚለው። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ ሞልተው ይልካሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። በሁለቱ ወር መጀመሪያ የነበረውን፣ የገባውን፣ የተበላሸውንና መጨረሻ ላይ የቀረውን ጽፈህ የሁለቱን ወር ፍጆታ ታወጣለህ። ተቋሙ መያዝ ያለበት ከፍተኛ ክምችት የአራት ወር ስለሆነ ፍጆታውን በሁለት ታባዛለህ። ከዚያ በእጅህ ያለውን ትቀንሳለህ። የቀረው ትዕዛዝህ ነው።

የእኛ ቅጽ እንዲህ ይል ነበር። የሁለት ወር ፍጆታ 820 አምፑል። በሁለት ሲባዛ 1,640። በእጅ ያለ 100። ትዕዛዝ 1,540።

ሒሳቡ ምንም ስህተት የለውም። ችግሩ ሌላ ዓምድ ላይ ነው። በዚያው ቅጽ «ያለ ክምችት የቆየበት ቀን» የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ 18 ተጽፏል። ስቶሩ ከ60 ቀን ውስጥ 18ቱን ባዶ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ 820ው አምፑል የወጣው በ60 ቀን ሳይሆን በ42 ቀን ነው። 820 ለ42 ሲካፈል በቀን 19 ተኩል ይመጣል። ይህን በ60 ብናባዛው እውነተኛው የሁለት ወር ፍላጎት 1,171 ነው። የአራት ወሩ 2,342፤ በእጅ ያለው 100 ሲቀነስ ትዕዛዙ 2,242 መሆን ነበረበት። ልዩነቱ 702 አምፑል ነው። በቀን 19 ተኩል ሒሳብ ከአንድ ወር በላይ የሚያሠራ መድኃኒት ማለት ነው።

ይህ ነገር እንዴት ራሱን እንደሚያባዛ ልብ በሉ። መድኃኒቱ ሲጠፋ ፍጆታው ዝቅ ይላል። ፍጆታው ዝቅ ሲል ትዕዛዙ ይቀንሳል። ትዕዛዙ ሲቀንስ በሚቀጥለው ዙር ቶሎ ይጠፋል። ሪፖርቱን ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ደግሞ «የዚህ ሆስፒታል ፍላጎት እየቀነሰ ነው» ብሎ ያምናል። በእነዚያ 18 ቀናት እናቶች መውለዳቸውን አላቆሙም። ማዋለጃ ክፍሉ ፍሪጁ ውስጥ የነበረውን አብቃቅቷል። እሱ ሲያልቅ ደግሞ ወሊድ በነፃ ነው ተብላ የመጣች እናት ባል በሌሊት ማዘዣ ይዞ ከዚራ ሰፈር ፋርማሲ ፍለጋ ወጥቷል። ያ ሰው የገዛው አምፑል የስቶሩ ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይም ሪፖርት ላይም የለም።

የቀን ማስተካከያው ራሱ ፍጹም አይደለም። ስቶሩ ባዶ ከቆየ በኋላ መድኃኒት ሲገባ ክፍሎች እንዳይጠፋባቸው ብለው ከሚያስፈልጋቸው በላይ ይጠይቃሉ። ያኔ የወጪው ቁጥር ያብጣል። ስለዚህ በሌላ መንገድ ማመሳከር ያስፈልጋል። እኛ የወሰድነው የወሊዶችን ቁጥር ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት 580 ወሊድ ተመዝግቧል። 1,171 ለ580 ሲካፈል ለአንድ ወሊድ ሁለት አምፑል ይሆናል። አንዱ ለሁሉም እናት የሚሰጠው ነው። ሌላው ለቀዶ ሕክምና፣ ምጥ ለማስጀመርና ደም ለሚፈሳቸው ይሄዳል። ከባድ ወሊዶች ከሌላ ቦታ ተልከው ለሚመጡበት ሆስፒታል ያስኬዳል። በ820 ብንሄድ ለአንድ ወሊድ 1.4 ብቻ ይሆናል፤ ይህ ለእኛ ዓይነት ቤት ዝቅተኛ ነው። ሁለቱ መንገዶች ተቀራራቢ ቁጥር ሲሰጡ ነው ያመንነው።

ከሃቡ 600 መጣ

በዚያ ዙር ሃቡ ራሱ እጥረት ነበረበት። ለሁሉም ተቋም እያካፈለ ስለነበር ለእኛ የደረሰን 600 ነው። ከነበረን 100 ጋር 700 ሆነ። የቀድሞውን ቁጥር የያዘ ሰው በቀን 14 አምፑል አድርጎ ሲያሰላው 50 ቀን ያደርሰኛል ይላል። እውነቱ ግን 36 ቀን ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው በኋላ የጎዱን።

ደንቡ ክምችት የሁለት ሳምንት ፍጆታ ላይ ሲደርስ የድንገተኛ ትዕዛዝ ላኩ ይላል። ለእኛ ያ መስመር 290 አምፑል አካባቢ መሆን ነበረበት። ቢን ካርዱ ላይ ግን በድሮው ፍጆታ ተሰልቶ 205 ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። እኛ ቁጥሩን አስተካክለን 290 ላይ ስንደርስ ትዕዛዙን ላክን። ሃቡ የለም አለ። የለም ማለቱም በጽሑፍ ነው። ይህ ደብዳቤ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ እሱ ከግል አቅራቢ መግዛት ኦዲት ላይ ያስጠይቃል። ደብዳቤው ሲመጣ ግዥው ተጀመረ።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልበል። አብዛኛው መድኃኒት ይሸጥና ገንዘቡ ተመልሶ መድኃኒት ይገዛበታል። ኦክሲቶሲን ግን እንዲያ አይደለም። ወሊድ ከክፍያ ነፃ ስለሆነ በእሱ ላይ የወጣው ብር ከታካሚ አይመለስም። ፋይናንስ ክፍሉ በርካሹ ዋጋ ላይ የሙጥኝ የሚለው ለዚህ ነው፤ ክፋት አይደለም።

አንድ መስመር ፕሮፎርማ

አስቸኳይ ስለነበር ግልጽ ጨረታ ለማውጣት ጊዜ አልነበረም። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። ለአቅራቢዎች የተላከው መጠየቂያ ላይ የተጻፈው ይኸው ነው፦ «ኦክሲቶሲን መርፌ፣ 10 ዩኒት በ1 ሚሊ ሊትር፣ ብዛት 1,200»። ስለ ሙቀት፣ ስለ መጓጓዣ፣ ስለ ቀሪ የአገልግሎት ዘመን አንድም ቃል የለም።

ሦስተኛው አቅራቢ የብቃት ማረጋገጫው ስላልታደሰ ወዲያው ወደቀ። የቀሩት ሁለቱ ንግድ ፈቃዳቸውም፣ የታክስ ክሊራንሳቸውም፣ የብቃት ማረጋገጫቸውም የተሟላ ነው። የምርቶቹን ምዝገባ ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝገብ ላይ አመሳከርን። እዚህ ላይ ብዙ ኮሚቴ የሚስተው ነገር አለ። ድርጅቱ ፈቃድ አለው ማለት መድኃኒቱ ተመዝግቧል ማለት አይደለም። የመድኃኒቱ ስም ተመዝግቧል ማለትም ያንን መድኃኒት የሚሠራው ፋብሪካ ሁሉ ተመዝግቧል ማለት አይደለም። ስሙን፣ ጥንካሬውን፣ አምራቹንና ፋብሪካው ያለበትን ቦታ አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። የሁለቱም ተገጣጠመ። ስለዚህ የቀረው መለኪያ ዋጋ ብቻ ሆነ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው በሩብ ያህል ያነሰ ነበር። ግዥ ኮሚቴው እሱን መረጠ፤ በተጻፈው መስፈርት መሠረት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሁለተኛው አቅራቢ ዋጋው የጨመረው በኮልድ ቦክስ ስለሚያጓጉዝ እንደሆነ በፕሮፎርማው ግርጌ ጽፏል። ኮሚቴው ግን ያልጠየቀውን ነገር ነጥብ ሊሰጠው አይችልም።

ካርቶኑ ሲከፈት

ዕቃው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፣ በአዋሽ በኩል፣ ከሌላ ዕቃ ጋር ተጭኖ። ሾፌሩ ካርቶኑን ርክክብ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። እጄን ሳሳርፍበት ሞቋል። ከፈትነው። ውስጡ ሁለት አይስ ፓክ አለ፤ ሁለቱም ቀልጠው ውሃ ሆነዋል፣ እንዲያውም ለብ ብለዋል። የሙቀት መዝጋቢ የለም። ቴርሞሜትር በፓኬቶቹ መካከል አስገብተን ጠበቅን። 31 ዲግሪ አነበበ። ፓኬቱ ላይ ደግሞ በጉልህ «ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያስቀምጡ» ይላል።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ አንድ አምፑል አንስተው በመስኮቱ ብርሃን አዩት። «ይኸው ጥርት ያለ ነው። ምንም የለበትም፣ ማብቂያውም ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል» አሉ። ልክ ናቸው፣ ጥርት ያለ ነበር። ችግሩም እሱ ነው። ሙቀት ያዳከመው ኦክሲቶሲን ቀለሙ አይለወጥም፣ አይደፈርስም፣ አይሸትም። ኃይሉ ብቻ ይቀንሳል። የማብቂያ ቀኑም የሚሠራው በተጻፈው ሙቀት ከተቀመጠ ብቻ ነው። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ይህ የሚታወቀው እናቲቱ ተወግታም ደሟ አልቆም ሲል ነው። ያኔም ሰው መድኃኒቱን አይጠረጥርም፤ ሁለተኛ አምፑል ይጨመራል፣ ሦስተኛ ይደገማል። ለአንድ ወሊድ የሚወጣው አምፑል ያለ ምክንያት እየጨመረ ከሄደ አንዱ መጠርጠር ያለበት ነገር ይህ ነው።

አንድ ፋርማሲስት ባልደረባችን ጥሩ ክርክር አነሳ። «አቦ፣ ኦክሲቶሲን በአንድ ቀን ሙቀት አይሞትም እኮ» አለ። እውነቱን ነው። አንድ ቀን 31 ዲግሪ ላይ መዋል ብቻውን መድኃኒቱን ከንቱ አያደርገውም። ጉዳቱ የሚመጣው በሳምንታትና በወራት ጥርቅም ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን ስለዚያች አንዲት ቀን መሆን የለበትም። ከዚያ በፊት የት ነበር? ነው መሆን ያለበት። አቅራቢው ጋ ደወልን። መጋዘናችሁ ውስጥ ይህ ባች የተቀመጠበትን የፍሪጅ የሙቀት መዝገብ ላኩልን አልናቸው። ያለፉት ሦስት ወራት ይበቃናል አልን። መጀመሪያ «እንልካለን» አሉ። ቆይተን መልሰን ስንደውል መዝገቡ እንደሌለ ታወቀ። የባቹን የትንተና ሰርተፍኬት ግን ላኩ። ሰርተፍኬቱ ንፁህ ነው፤ ግን የሚናገረው መድኃኒቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ስለነበረበት ሁኔታ ብቻ ነው።

እንግዲህ እጃችን ላይ ያለው ይህ ነው። ዛሬ 31 ዲግሪ ላይ የተገኘ፣ ትናንትና ከትናንት ወዲያ የት እንደነበር ማንም የማያውቀው 1,200 አምፑል። እናስመርምረው የሚል ሐሳብም መጣ። የኃይል መጠኑን ለመለካት ናሙና ወደ አዲስ አበባ መላክ አለበት። ውጤቱ ሦስት ቀን ላለው ሆስፒታል አይደርስም። ደግሞም ካርቶኑን ተረክበን ነው ውጤት የምንጠብቀው። የመንግሥትን አሠራር የሚያውቅ ሰው ሞዴል 19 ምን እንደሆነ ያውቃል። ሞዴል 19 ተቆረጠ ማለት ንብረቱ የሆስፒታሉ ሆነ፣ ክፍያው መጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዕቃን መመለስ ወራት የሚፈጅ ደብዳቤ ነው። ከሞዴል 19 በፊት ግን መመለስ የአንድ ፊርማ ጉዳይ ነው።

ሜዲካል ዳይሬክተሯ ሁላችንንም ሰብስበው ሁለት ነገር ጠየቁ። «ይህን ብትመልሱ ነገ ማዋለጃ ክፍል ምን ይሰጣል? ብትቀበሉትስ ይሠራል ብላችሁ ትፈርማላችሁ?» ለሁለተኛው ጥያቄ እጁን ያነሳ የለም። ለመጀመሪያው መልስ እስከ ማታ ጊዜ ጠየቅን። የመላኪያ ሰነዱ ላይ የተለካውን ሙቀት፣ ሰዓቱን፣ የባች ቁጥሩንና የአይስ ፓኮቹን ሁኔታ ጽፈን፣ ሾፌሩን አስፈርመን ካርቶኑን መለስን።

ሦስቱን ቀን ማስረዘም

ማታ መጀመሪያ የሄድነው ማዋለጃ ክፍል ነው። ያለውን ሁሉ እንቁጠር አልናቸው። ሲስተሯ መሳቢያዎቹን ከፈተችልን። በድንገተኛ ትሪዎች ላይ፣ በመሳቢያ ውስጥ፣ አንድ ጋውን ኪስ ውስጥ ሳይቀር 64 አምፑል ተገኘ። ከፍሪጅ መቼ እንደወጡ የማይታወቁ ናቸው። «ሌሊት ደም የሚፈሳት ስትመጣ ፍሪጁ ያለበት ክፍል ሩቅ ነው፤ ምን እናድርግ?» አለች። ትክክል ናት። ትሪ ላይ አምፑል መኖር አለበት። ግን ቀን ይጻፍበት፣ በየፈረቃው ይቀየር ተባለ። ቀን የሌላቸውን ለየናቸው፤ እንዲወገዱ ተመዘገቡ። የአቅራቢውን ካርቶን መልሰን እነዚህን ማዋል አይገባም ብለን ነው፤ ያው ያልታወቀ ታሪክ ያለው መድኃኒት ነው።

ከዚያ የክፍሉ ሐኪሞች አጠቃቀሙን አጠበቡ። ያለው ኦክሲቶሲን ለወለዱ እናቶች ሁሉና ደም ለሚፈሳቸው ይቀመጥ፤ አስቸኳይ ያልሆነ ምጥ ማስጀመር ይቆይ ተባለ። እሱም ማሕፀን የሚያኮማትር ክኒን የሆነው ሚሶፕሮስቶል ስቶር ውስጥ በቂ ነበር። ኦክሲቶሲን ከጠፋ እናቲቱ እንደወለደች 600 ማይክሮ ግራም፣ ማለትም ሦስት ባለ 200 ክኒን በአፍ እንድትወስድ ተስማሙ። ፍሪጅ አይፈልግም፤ ግን ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ያመጣል። ያንን ለማዋለጃ ክፍሉ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ትኩሳቱ ኢንፌክሽን መስሎ አንቲባዮቲክ ይታዘዝበታል።

በማግስቱ ጠዋት ሐረር ካለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል 300 አምፑል ተበደርን። ሐረር ከድሬ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ኮልድ ቦክስ ይዞ የወጣው መኪና ፀሐይ ሳይበረታ ተመልሷል። እነሱ በሞዴል 22 ወጪ አደረጉ፣ እኛ በሞዴል 19 ተቀበልን። ይህን በሪፖርት ቅጹ ላይ በትክክል ማስፈር ወሳኝ ነው። ለእኛ የገባ ማስተካከያ ነው፣ ለእነሱ የወጣ ማስተካከያ ነው። እነሱ እንደ ፍጆታ ቢጽፉት የሐረሩ ሆስፒታል በሚቀጥለው ዙር ከሚገባው በላይ ያዛል። እኛ ባንጽፈው ደግሞ የእኛ ፍጆታ እንደገና ያንሳል።

አንድ ገጽ መጠየቂያ

በድጋሚ ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ መጠየቂያው ከአንድ መስመር ወደ አንድ ገጽ አደገ። የጻፍነው ፋርማሲስቶቹና የግዥ ባለሙያው አብረን ቁጭ ብለን ነው። እሱ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነበር። «ሰነዱ ላይ ያልጻፋችሁትን ምክንያት አድርጋችሁ አቅራቢ መጣል አትችሉም። የምትፈልጉትን ዛሬ ጻፉ።»

የጻፍነው እንዲህ ነው። መለያው ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚል መሆን አለበት። ሲደርስ ቢያንስ 18 ወር ቀሪ ዘመን ይኑረው። የባቹ የትንተና ሰርተፍኬት አብሮ ይምጣ። የአቅራቢው መጋዘን የሦስት ወር የሙቀት መዝገብ ከፕሮፎርማው ጋር ይያያዝ። ዕቃው በኮልድ ቦክስ፣ ከሚሠራ የሙቀት መዝጋቢ ጋር ይጓጓዝ። ርክክቡ ጠዋት፣ ፋርማሲስት ባለበት ይሁን። መዝጋቢው ሳይነበብ ሞዴል 19 አይቆረጥም። መስፈርቱን ያላሟላ ዕቃ በአምስት ቀን ውስጥ በአቅራቢው ወጪ ይተካል።

የመጀመሪያው አቅራቢ ያለ አግባብ ተመለሰብኝ ብሎ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ደብዳቤ ጻፈ። መጓጓዣው በፕሮፎርማው አልተጠቀሰም የሚለው ክርክሩ እውነትነት ነበረው። መልሳችን የቆመው በሌላ ነገር ላይ ነው። መድኃኒቱ የተመዘገበው በመለያው ላይ ካለው የአቀማመጥ ሁኔታ ጋር ነው፤ ከዚያ ውጭ ሆኖ የቀረበ ዕቃ የተመዘገበው ምርት ሆኖ ቀርቧል ልንል አንችልም አልን። ሾፌሩ የፈረመበት የ31 ዲግሪ ማስታወሻ ከደብዳቤው ጋር ተያያዘ። ጉዳዩ እዚያው ቆመ።

ሁለተኛው አቅራቢ አሸነፈ። ዕቃው ደረሰ፣ መዝጋቢው ከኮምፒውተር ጋር ተገናኘ፣ መስመሩ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ ከ3 እስከ 7 ዲግሪ መካከል ሲሄድ ታየ። የሐረርን 300 መለስን። ሚሶፕሮስቶሉ የተሰጠው ለጥቂት እናቶች ብቻ ነው።

ለዓመቱ የተደረገው

በሚቀጥለው የሪፖርት ዙር ትዕዛዙ የተላከው በተስተካከለው ፍጆታ ነው፤ ከቅጹ ጋር የወሊዶች ቁጥር ተያይዞ። ሃቡ ያሉት ሰዎች ቁጥሩ ለምን ዘለለ ብለው ደወሉ፤ አባሪውን ሲያዩ ተቀበሉት። ክምችቱን በምንቆጣጠርበት ዳጉ ሶፍትዌር ላይም የድንገተኛ ትዕዛዝ መስመሩ ወደ 290 ተስተካከለ።

ከግል የሚገዛው ደግሞ በየጊዜው በፕሮፎርማ ከመሯሯጥ ወደ ዓመታዊ የማዕቀፍ ውል እንዲሄድ ተወሰነ። ጨረታው ወጣ፤ እዚህ ላይ ያልጠበቅነው ችግር ገጠመን። የዓመት ፍላጎታችን 7,000 ያህል ነው፤ አብዛኛውን ግን ከሃቡ እንጠብቃለን። ስለዚህ ሰነዱ «ሲያስፈልግ እናዛለን» ይላል። አቅራቢዎች ይህን አልወደዱትም። ፍሪጅ ውስጥ የማን እንደሆነ ያልታወቀ መድኃኒት ይዘን አንቀመጥም አሉ። በዚያ ላይ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን ለዓመት የሚጸና ዋጋ መስጠት ፈሩ። በመጀመሪያው ዙር አንድ ብቻ ሰነድ ገዛ።

ሁለት ነገር ተስተካክሎ እንደገና ወጣ። አንደኛ፣ ሆስፒታሉ በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ 2,000 አምፑል ለመግዛት ግዴታ ገባ። ሁለተኛ፣ ዋጋው ለሦስት ወር ጸንቶ ከዚያ በኋላ የአስመጪነት ሰነድና የባንክ ምንዛሪ እየታየ እንዲስተካከል በውሉ ላይ አስቀድሞ ተጻፈ። ርክክቡም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየ500 አምፑል ተከፈለ። መብራት በረጅሙ ቢጠፋ ሁሉንም በአንድ ፍሪጅ ላለማጣት ነው። ሦስት ተወዳዳሪ ቀረበ። አነስተኛው ዋጋ ከፊተኛው ርካሽ ፕሮፎርማ ይበልጣል፤ ፋይናንስ ክፍሉ ግን የተመለሰውን ካርቶን አይቶ ስለነበር አልተከራከረም።

በውሉ የመጣው ሦስተኛው 500 ሌላ ፈተና ነበር። መዝጋቢው ሲነበብ መስመሩ ለአራት ሰዓት ያህል ከ8 ዲግሪ ወጥቶ 13 ደርሶ ተመልሷል። ሾፌሩ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ እንደነበር ተናገረ፤ የጥገናው ደረሰኝ ሰዓትም ከመስመሩ ጋር ገጠመ። መልሱት የሚሉ ነበሩ፣ ግንቦትን አስታውሰው። ይህ ግን ከግንቦቱ ይለያል። ስንት ዲግሪ እንደደረሰ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ከዚያ በፊት መጋዘን ውስጥ በምን ሙቀት እንደነበር ሁሉም በወረቀት አለ። ካርቶኑን «አይነካ» የሚል ወረቀት ለጥፈን በሌላ ፍሪጅ አስቀመጥነው። ሞዴል 19 ሳይቆረጥ አምራቹ ስለ አጭር የሙቀት መዛባት ያለውን የመረጋጋት መረጃ በአቅራቢው በኩል ጠየቅን። መልሱ ለመምጣት ከሳምንት በላይ ወሰደ። ስቶር ውስጥ የስድስት ሳምንት ክምችት ስለነበረን ማንም አልተጣደፈም። መረጃው እንዲህ ያለ አጭር መዛባት በምርቱ ኃይል ላይ ለውጥ እንደማያመጣ የሚያሳይ ሆነ። ተረከብነው፤ ቢን ካርዱ ላይ የባች ቁጥሩ አጠገብ «መጀመሪያ ይውጣ» ተብሎ ተጻፈ።